የረጅም ምሰሶን ቁመት ከጥላው ማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ባሉት መልሶች ሁሉ የምንለካው አንድን ምሰሶ ነው፤ መሣሪያችንም አንድ ዘንግ፣ አንድ ሜትርና የፀሐይ ብርሃን ናቸው።

ምሰሶው ላይ ሳልወጣ ቁመቱን ከጥላው እንዴት አገኛለሁ?

ቁመቱን የምታውቁትን ቀጥ ያለ ዘንግ ከምሰሶው ብዙ ሳትርቁ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ሜዳ ላይ አቁሙ። የዘንጉን ጥላና የምሰሶውን ጥላ በአንድ ጊዜ ለኩ። ከዚያም የዘንጉን ቁመት ለራሱ ጥላ አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር በዚያች ቅጽበት አንድ ሜትር ጥላ የሚጥለው ነገር ስንት ሜትር እንደሚቆም ይነግራችኋል። ይህንኑ ቁጥር በምሰሶው ጥላ ርዝመት አባዙት፤ የምሰሶው ቁመት እሱ ነው።

በቁጥር እንየው። ዘንጉ 1.5 ሜትር፣ ጥላው ደግሞ 1.2 ሜትር ነው እንበል። 1.5 ÷ 1.2 = 1.25 ይሆናል። የምሰሶው ጥላ 7.6 ሜትር ከሆነ 1.25 × 7.6 = 9.5፤ ስለዚህ ምሰሶው 9.5 ሜትር ይቆማል። ስሌቱ ከዚህ አያልፍም። ቀሪዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ ከሞላ ጎደል የሚነሱት ከልኬቱ ነው፤ ስህተትም የሚገባው በዚያው በኩል ነው።

ሁለቱ ጎነ ሦስቶች የትኞቹ ናቸው? ተመሳሳይ የሆኑትስ ለምንድን ነው?

አንደኛው ጎነ ሦስት ከዘንጉ፣ ከዘንጉ ጥላ፣ እንዲሁም የዘንጉን ጫፍ ነክቶ የጥላው ጫፍ ላይ ከሚያርፈው ጨረር የተሠራ ነው። ሁለተኛው ከምሰሶው፣ ከጥላውና ከራሱ ጨረር የተሠራ ነው። ዘንጉም ምሰሶውም ወደ ላይ ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ከሜዳው ጋር 90 ዲግሪ ይሠራሉ። ፀሐይ ደግሞ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት በቆሙ ሁለት ነገሮች ላይ የሚያርፉት ጨረሮች ትይዩ ናቸው ብንል የሚታይ ስህተት አይመጣም። ስለዚህ ጨረሩ ከመሬት ጋር የሚሠራው ዘዌ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

የሁለት ጎነ ሦስቶች ሁለት ሁለት ዘዌዎች እኩል ከሆኑ ሦስተኛውም እኩል መሆኑ የግድ ነው፤ ሦስቱ ተደምረው ሁልጊዜ 180 ዲግሪ ናቸውና። ዘዌዎቻቸው እኩል የሆኑ ጎነ ሦስቶች ተመሳሳይ ይባላሉ፤ አንዱ የሌላው የጎላ ቅጂ ነው። የእኛ ትልቁ ጎነ ሦስት የትንሹ 6.33 እጥፍ ያህል ነው፤ ጥላው በዚያ እጥፍ ካደገ ቁመቱም በዚያው እጥፍ ያድጋል። ከዚህ በኋላ ዘዴው በአንድ ቦታ ይሠራል ወይስ አይሠራም ብላችሁ ስትጠራጠሩ፣ ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ የሁለቱ ጎነ ሦስቶች ዘዌዎች አሁንም እኩል ናቸው?

የትኛውን ለየትኛው እንደማካፍል ሁልጊዜ ይምታታብኛል። ምን ላድርግ?

ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ዘንጉን ተመልከቱት። ዘንጉ ከጥላው የሚበልጥ ከሆነ ምሰሶውም ከጥላው መብለጥ አለበት። በእኛ ምሳሌ ገልብጣችሁ 1.2ን ለ1.5 ብታካፍሉ 0.8 ይወጣል፤ ምሰሶውም 6.08 ሜትር ይሆናል። ይህ ከ7.6 ሜትር ጥላው ያጠረ ስለሆነ ስህተቱን ወዲያው ታውቁታላችሁ።

ጥላዬ ከቁመቴ ጋር እኩል እስኪሆን መጠበቅ አለብኝ?

አያስፈልግም። ይህ ሐሳብ የመጣው ከጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ ከሚሊጢኑ ታሌስ ታሪክ ነው። የፈላስፎችን ታሪክ የጻፈው ዲዮጋን ላኤርጥዮስ እንደሚተርከው፣ ታሌስ የሰው ጥላ ከሰውየው ቁመት ጋር እኩል የሚሆንበትን ጊዜ ጠብቆ የፒራሚዶችን ጥላ ለካ። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ግን ታሪኩን ሲነግረን ታሌስ በትር አቁሞ የበትሩን ጥላ ከፒራሚዱ ጥላ ጋር አነጻጸረ ይላል። ሁለተኛው አተራረክ የእኛው ዘዴ ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ይሠራል። የመጀመሪያው ማካፈልን ብቻ ነው የሚያስቀረው።

ከፒራሚዱ የምንማረው ሌላ ቁም ነገር አለ። ጥላው የሚለካው ከሕንፃው ግድግዳ ሳይሆን ከጫፉ ትክክለኛ ሥር ጀምሮ ነው፤ ያ ነጥብ ደግሞ በፒራሚዱ ሆድ ውስጥ ነው። ለምሰሶም እንዲሁ ነው። ምሰሶው አናቱ ሹል ከሆነ ልኬቱ ከመካከሉ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከምሰሶው ጠርዝ ከለካችሁ የውፍረቱን ግማሽ ጨምሩ። ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለውና አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን የጥላውን ጫፍ የሚጥለው በጥላው በኩል ያለው የአናቱ ጠርዝ ስለሆነ፣ በዚያው በኩል ካለው የሥሩ ጠርዝ መለካት ትክክል ነው።

ለመለካት የሚሻለው የቀኑ ክፍል የትኛው ነው?

ፀሐይ ከአድማሱ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ከፍ ስትል ነው፤ ማለትም ጥላው ከቁመቱ ጋር ሲቀራረብ። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለ ጥላው እጅግ ይረዝማል፣ ጫፉም ይደበዝዛል፤ በመንገዱ ላይ ያለ ትንሽ ጉብታ ሁሉ ይነካዋል። ፀሐይ ከአናት በላይ ስትሆን ደግሞ ጥላው ከምሰሶው ሥር አይርቅም፤ በዚያን ጊዜ የሁለት ሴንቲ ሜትር ስህተት ራሱ ከጥላው ርዝመት ትልቅ ድርሻ ይይዛል።

የዘንጉን ጥላ ለክቼ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የምሰሶውን ብለካ ችግር አለው?

አለው፤ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ የሚዞር ስለሚመስለን የፀሐይ ከፍታ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እስከ 2.5 ዲግሪ ሊቀየር ይችላል። ለእኛ ምሰሶ ይህ ማለት የጥላው ጫፍ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው፤ በ1.25 ሲባዛ ከ80 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የቁመት ስህተት ይሆናል።

መፍትሔው መፍጠን አይደለም፤ ምልክት ማድረግ ነው። ሁለት ሰዎች ሁኑ። አንዱ በዘንጉ፣ ሌላው በምሰሶው ጥላ ጫፍ ላይ ይቁም፤ «አሁን» ሲባል ሁለቱም በጠመኔ ወይም በችካል ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ የፈለገችውን ብትሄድ ጥላው ተይዟልና በእርጋታ ለኩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ የዘንጉን ጫፍ፣ ቀጥሎ የምሰሶውን፣ በመጨረሻ እንደገና የዘንጉን ምልክት አድርጉ፤ በየምልክቶቹ መካከል ያለው ጊዜ እኩል ይሁን። የሁለቱን የዘንግ ልኬቶች አማካይ ውሰዱ።

ዘንጉ ትንሽ ቢያዘነብል ምን ያህል ይጎዳል?

ወደ ጥላው አቅጣጫ 3 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ዘንግ እናስብ። ዓይን ይህን ያህል ማዘንበል በቀላሉ አያየውም። የ1.5 ሜትሩ ዘንግ ጫፍ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጥላውም ከ1.2 ወደ 1.28 ሜትር ያድጋል። ስሌቱን ስትደግሙት ምሰሶው 8.9 ሜትር ይሆናል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠፋ ማለት ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ የለካሁት ምሰሶ በተለካ ቁጥር ሌላ ቁመት ይሰጠኝ ነበር፤ ምክንያቱን ያገኘሁት ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቱምቢ ከዘንጉ ጎን ባንጠለጠልሁ ጊዜ ነው። ቱምቢ ከሌለ በሲባጎ ጫፍ የታሰረ ድንጋይ ያው ነው። ዘንጉን ከሁለት አቅጣጫ እዩት፤ ከአንድ በኩል ብቻ ቀጥ ያለ የሚመስል ዘንግ ከሌላው በኩል ሊያዘነብል ይችላል።

የዘንጉ ርዝመትም ልብ ሊባል ይገባዋል። በዘንጉ ጥላ ላይ የሚደርስ ስህተት ከምሰሶው ጋር አብሮ ይጎላል። 1.2 ሜትር በሆነ ጥላ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ብትስቱ ውጤቱ በ8 ሴንቲ ሜትር ይዛባል። በዘንግ ፈንታ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ብታቆሙ ግን ጥላው 24 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ያችው አንድ ሴንቲ ሜትር 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ታስከፍላችኋለች። ስለዚህ ረዘም ያለ ዘንግ ምረጡ፤ ከምሰሶው ጥላ ይልቅ ለዘንጉ ጥላ ተጠንቀቁ።

የጥላው ጫፍ ደብዛዛ ነው። የት ላይ ነው የሚያልቀው?

ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ዓይናችሁ አልሳተም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት ክብ ናት። ከክቧ የላይኛው ጠርዝ የሚመጣው ብርሃን ጥላውን ትንሽ አጠር አድርጎ ሲያበቃው፣ ከታችኛው ጠርዝ የሚመጣው ደግሞ ረዘም ያደርገዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ከድቅድቅ ወደ ብርሃን ቀስ እያለ የሚሸጋገር ፈዛዛ ጥላ ነው። በእኛ ምሰሶ ይህ ፈዛዛ ክፍል 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ፀሐይ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ቢሆን ኖሮ ግን ወደ ሦስት ሜትር ይጠጋ ነበር።

ደስ የሚለው ነገር፣ መደብዘዙ በራሱ ስህተት አያመጣም። የዘንጉም ጥላ በቁመቱ ልክ ይደበዝዛል፤ 2.3 ሴንቲ ሜትር ያህል። ሁለቱንም ከድቅድቁ ማብቂያ፣ ወይም ሁለቱንም ከፈዛዛው መካከል ከለካችሁ ጎነ ሦስቶቹ ተመሳሳይ እንደሆኑ ይቆያሉ። የሚያሳስተው አንዱን በአንድ መንገድ፣ ሌላውን በሌላ መንገድ መለካት ነው።

ምሰሶው ቀጭን ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። አንድ ነገር ሙሉ ጥላ መጣል የሚችለው የውፍረቱን 108 እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ ብቻ ነው። አናቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምሰሶ ከአናቱ 5.4 ሜትር ካለፈ በኋላ ድቅድቅ ጥላ የለውም፤ የእኛ ምሰሶ ጨረር ደግሞ መሬት እስኪደርስ 12 ሜትር ይጓዛል። እንዲህ ሲሆን የጥላው መጨረሻ ዓይን ሳያየው ይጠፋና ምሰሶው ያጠረ ይመስላል። ለዚህ የሚሆን ያረጀ ብልሃት አለ። በካርቶን ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ብሱና የጥላው ጫፍ በሚገመትበት ቦታ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ መሬቱ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። በወረቀቱ ላይ ትንሽ የፀሐይ ምስል ይወጣል፤ ካርቶኑን ወዲህና ወዲያ ስታደርጉ የምሰሶው ጫፍ በዚያ ምስል ውስጥ እንደ ጥቁር ሰረዝ ሆኖ ይታያል። የሰረዙ ጫፍ ከምስሉ መካከል ላይ ሲደርስ፣ ያ የምስሉ መካከል የጥላው ጫፍ ነው። ቻይናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጉዎ ሾውጂንግ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የረጅም መለኪያውን ጥላ ጥርት አድርጎ ለማየት የተጠቀመው በዚሁ መርህ ነው። ወደ ፀሐይዋ በቀጥታ ማየት ፈጽሞ አያስፈልግም፤ አይገባምም።

መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ዘዴው ይበላሻል?

አብዛኛው ሰው «አዎ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ ግን የተሻለ ነው። ዘንጉና ምሰሶው በአንድ ዓይነት ተዳፋት ላይ ከቆሙ ዘዴው ምንም አይሆንም። ቀደም ሲል ያልነውን ጥያቄ እንጠይቅ፦ ዘዌዎቹ እኩል ናቸው? ሁለቱም በቱምቢ ቀጥ ብለዋል፣ ጥላዎቻቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይወድቃሉ፣ ተዳፋቱ አንድ ነው። በቋሚውና በመሬቱ መካከል ያለው ዘዌ 90 ዲግሪ ባይሆንም በሁለቱም ዘንድ እኩል ነው፤ ተመሳሳይ ለመሆን ደግሞ 90 መሆን አይጠበቅበትም። ጥላዎቹን በተዳፋቱ ላይ እንደተጋደሙ ለኩ እንጂ አግድም ርቀት ለማግኘት አትድከሙ።

በያዝነው ፀሐይ መሬቱ በጥላው አቅጣጫ ወደ 11 ዲግሪ ቁልቁል ቢወርድ የዘንጉ ጥላ 1.44፣ የምሰሶው 9.12 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። 1.5 ÷ 1.44 × 9.12 አሁንም 9.5 ነው። ዘንጉን ግን «ደልዳላ ቦታ ይሻላል» ብላችሁ ሜዳ ላይ ብታቆሙት ጥላው 1.2 ስለሚሆን ምሰሶው 11.4 ሜትር ሆኖ ይወጣል። ጥንቃቄ የመሰለው እርምጃ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ስህተት አመጣ። የምሰሶው ጥላ መንገድ ላይ ተዳፋቱ የሚቀያየር ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ወይም ሌላ ሰዓት ፈልጉ።

ጥላው ግድግዳ ላይ ቢወጣስ?

የግድግዳውን ክፍል ከመሬቱ ክፍል ጋር አትደምሩት። በግድግዳ ላይ ያለ ጥላ ቁመት ነው፤ በ1.25 መባዛት የለበትም። ምሰሶው ከግድግዳው 6 ሜትር ይራቅ፣ ጥላውም ግድግዳው ላይ 2 ሜትር ይውጣ። በግድግዳው ላይ ካለው የጥላ ጫፍ ወደ ምሰሶው አግድም መስመር ብታስቡ፣ ከመስመሩ በታች ያለው የምሰሶ ክፍል 2 ሜትር ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ደግሞ 6 ሜትር «ጥላ» ያለው ጎነ ሦስት ስለሆነ 1.25 × 6 = 7.5 ሜትር ነው። ሲደመር 9.5 ይሆናል። 6 እና 2 ደምራችሁ በ1.25 ብታባዙ 10 ሜትር ታገኙ ነበር።

በሌሊት በመብራት ምሰሶ ብርሃን መለካት ይቻላል?

ይቻላል፤ ጎነ ሦስቶቹ ግን ሌሎች ናቸው። አምፖሉ ቅርብ ስለሆነ ጨረሮቹ ትይዩ አይደሉም፤ የፀሐዩ ስሌት እንዳለ አይሠራም። በምትኩ አንዱ ጎነ ሦስት በሌላው ውስጥ ይገባል፤ የትልቁ መሠረት ከምሰሶው ሥር እስከ ዘንጉ ጥላ ጫፍ ያለው ርቀት በሙሉ ነው። 1.5 ሜትሩን ዘንግ ከምሰሶው 6.4 ሜትር ርቃችሁ ብታቆሙና ጥላው 1.2 ሜትር ቢሆን፣ ጠቅላላው መሠረት 7.6 ሜትር ነው፤ አምፖሉም በ9.5 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

ምሰሶው በአጥር ውስጥ ስለሆነ ሥሩ ጋ መድረስ አልችልም። የጥላው ጫፍ ግን ውጭ ይወድቃል። ተስፋ አለኝ?

አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው መንገድ ይህ ነው። የምሰሶውን ጥላ ጫፍና የዘንጉን ጥላ ጫፍ በአንድ ቅጽበት በችካል ያዙ። ዘንጉን ሳታነቃንቁ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁና ሁለቱንም ጫፎች እንደገና በአንድ ቅጽበት ያዙ። አሁን በዘንጉ በኩል በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት፣ በምሰሶውም በኩል እንዲሁ ለኩ። የዘንጉ ጥላ ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር፣ የምሰሶው 3.8 ሜትር ተጉዘው ከሆነ 1.5 ÷ 0.6 × 3.8 = 9.5 ሜትር ነው።

ጥላዎቹ በዚያ ሰዓት ውስጥ ርዝመታቸውን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫቸውንም ቀይረዋል፤ ግን ሁለቱም እኩል ዘዌ ዞረዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥላ፣ ከሁለተኛው ጥላና በምልክቶቹ መካከል ካለው መስመር የሚሠራው በመሬት ላይ የተጋደመ ጎነ ሦስት በዘንጉም በምሰሶውም በኩል ተመሳሳይ ነው። የምሰሶው ሥር የዚያ ጎነ ሦስት አንድ ማዕዘን ቢሆንም መንካት አላስፈለገንም፤ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለውን ጎን ይዘናልና። ዘንጉ ትንሽ አዘንብሎ ቢሆንም እንኳ የጫፉን ከፍታ ከመሬት እስከለካችሁ ድረስ ውጤቱ አይዛባም፤ የጥላው ጫፍ ምን ያህል እንደሚጓዝ የሚወስነው ያ ከፍታ ብቻ ነው። የሚጠበቅባችሁ ሁለቱ ጥላዎች የሚያርፉበት መሬት ደልዳላ መሆኑን ማረጋገጥና በቂ ጊዜ መጠበቅ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የዘንጉ ጥላ ጫፍ ከ5 ሴንቲ ሜትር ብዙም ስለማይርቅ በዚያች ጠባብ ርቀት ላይ የምትሠሩት ስህተት ሁሉ ይጎላል።